ዳገት ላይ አንድ ነጥብ አይበቃም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ ወደ ጅሬን የሚወጣው መንገድ ላይ ቆሜ ዳገቱን በስልኬ አነሳሁት። በግራ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሕንፃ፣ በቀኝ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ ሚኒባስ ልጨምር አሰብኩ። መጀመሪያ ሁሉንም መስመር መንገዱ ወደሚጠፋበት ነጥብ ሳብኩት። ሕንፃው ዳገቱን የሚወጣ መሰለ። ጓደኛዬ ‹አድማሱ ከዚያ ዝቅ ይላል› አለኝና ሁሉንም ወደ ታች አወረድኩት። አሁን ሕንፃው ተስተካከለ፣ ሚኒባሱ ግን የልጅ መጫወቻ ሆነ። ሁለቱን እንዴት ላስማማ?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ የተጠቀምክበት ነጥብ ትክክል ነው። ጓደኛህ የነገረህም ትክክል ነው። ስህተቱ አንዱን ነጥብ ለሁለቱም መስጠትህ ላይ ነው። የመንገዱ ነጥብ የሚኒባሱ ነው፣ የአድማሱ ነጥብ የሕንፃው ነው። አድማስ የምንለው በካሜራህ ከፍታ ላይ የሚያልፈውን አግድም መስመር ነው። «ፎቶ ውስጥ ያለ መስመር ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙት በእውኑ ዓለም እርስ በርስ ትይዩ የሆኑ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ዳገት ላይ የመንገዱ ጠርዝ ወደ ላይ ያዘነብላል። አጠገቡ ያለው ሕንፃ ወለልና መስኮት ግን አያዘነብልም፤ ግንበኛው በውሃ ልክ ነው የሠራው። ከላይ ሆነህ ብታያቸው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከጎን ብታያቸው ግን አንዱ እየወጣ ነው፣ ሌላው ለጥ ብሎ ተኝቷል። ትይዩ አይደሉም ማለት ነው። ስለዚህ የመጥፊያ ነጥባቸውም ሁለት ነው። ሕንፃው የመንገዱን አቅጣጫ ይዞ የቆመ ከሆነ ሁለቱ ነጥቦች ፎቶው ላይ አንዱ ከሌላው በላይ፣ በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ። የታችኛው አድማሱ ላይ ነው። የላይኛው የመንገዱ ነው።

ምን ያህል ይራራቃሉ? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፎቶህ 4000 በ3000 ፒክስል ነው እንበል፤ ስልኩን በአግድም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታዘነብል ይዘህ፣ ሳታጎላ በዋናው ካሜራ አንስተኸዋል። እንዲህ ያለ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የ26 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል እይታ አለው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ሁለቱ ነጥቦች ወደ 240 ፒክስል ይራራቃሉ። ስልኩ ወደ ላይም ወደ ታችም ስላላዘነበለ አድማሱ መሀል ላይ ነው፣ ከላይ ሲቆጠር 1500 ላይ። የመንገዱ ነጥብ ደግሞ 1260 ላይ ይውላል። ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ሚኒባስህን መጫወቻ ያደረገው ግን ይኸው 240 ፒክስል ነው።

ይህን ስሌት አንተ መሥራት የለብህም። መስመር ማስመር ይበቃል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የትኛውን መስመር እንደምትመርጥ ነው። ለአድማሱ የመስኮት ደፍ፣ የበር ጉበን፣ የፎቅ ሶሌታ ጠርዝ ውሰድ። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ መስመሮች አስምረህ እስኪገናኙ አስረዝማቸው። ከሌላ ቤትም ድገመው። ሌላው ቤት ዞር ብሎ የቆመ ከሆነ ነጥቡ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ከፍታው ግን ያው ነው። በሁለቱ ነጥቦች ላይ የምታሳልፈው አግድም መስመር አድማስህ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ አትመን፤ የቆየ ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጎብጧል። ዳገት ላይ ያለ በረንዳም አንዳንዴ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወጣል። የመብራት ሽቦ ደግሞ ይረግባል፣ እሱን ጨርሶ ተወው። ለመንገዱ ነጥብ የአስፋልቱን ሁለት ጠርዞች፣ የቦዩን ጠርዝ፣ ቀለም ካለ የመሀሉን መስመር ተጠቀም። መንገዱ የሚታጠፍ ከሆነ ሚኒባሱ ከሚቆምበት ቦታ አጠገብ ያለውን ቀጥ ያለ ቁራጭ ብቻ ውሰድ።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ሜዳ ላይ ብትሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እዚያው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ቆመህ፣ ስልኩን ከመሬት 1 ሜትር ከ50 ላይ ይዘህ ብታነሳ፣ አድማሱ የሚነካውን ነገር ሁሉ በ1 ሜትር ከ50 ከፍታው ላይ ያቋርጠዋል። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው ቅርብም ይቁም ሩቅ፣ መስመሩ አገጩ አካባቢ ያርፋል። ቁመት የምንለካው በዚህ ነው። ከጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ እስከ አድማሱ ያለው ርቀት የካሜራህ ከፍታ ነው። ቀሪውን በዚያ ታባዛለህ።

ዳገት ላይ ሕጉ ያው ነው፣ መስመሩ ግን ይለወጣል። ዳገቱ ላይ ለቆመ ነገር የሚለካው እስከ አድማሱ ሳይሆን በመንገዱ ነጥብ ላይ እስከሚያልፈው አግድም መስመር ድረስ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ከካሜራህ ተነስቶ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚወጣ ክር ብትወጥር፣ ክሩ በየደረሰበት ሁሉ ከአስፋልቱ 1 ሜትር ከ50 ከፍ ብሎ ይሄዳል። ፎቶው ላይ ያ ክር የሚያርፈው የላይኛው መስመር ላይ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ፎቶህ ላይ ዳገቱን የሚወጡትን ሰዎች ተመልከት። የአዋቂዎቹ አገጭ የሚደረደረው በላይኛው መስመር ላይ ነው። አድማሱን ግን ቅርብ ያለው ሰው ጭኑ ላይ፣ ራቅ ያለው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይነካል። ከዚያም በላይ የወጣው ሰው ጭራሽ ከአድማሱ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ ሚኒባሱን እናቁመው። የኋላ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ 1660 ላይ ነው እንበል። እስከ ላይኛው መስመር፣ ማለትም እስከ 1260፣ 400 ፒክስል አለ። 400 ፒክስሉ 1 ሜትር ከ50 ነው ማለት ነው፤ በምሳሌያችን ካሜራ ይህ ካንተ 11 ሜትር ያህል ርቀት ነው። ተራ ጣሪያ ያለው ሚኒባስ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ነው። ስለዚህ ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ቁመት ወደ 530 ፒክስል መሆን አለበት። አንተ ግን የለካኸው እስከ አድማሱ ነው፤ እስከዚያ ያለው 160 ፒክስል ብቻ ነው። በዚያ ሂሳብ ሚኒባሱ 213 ፒክስል ይወጣለታል። ከግማሽ በታች ሆኗል። መጫወቻ መምሰሉ አይገርምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ልኬት የሚሠራው አንተም ዳገቱ ላይ ቆመህ ካነሳህ ነው፤ ከጥያቄህ እንደተረዳሁት እንደዚያ ነው ያደረግኸው። ግርጌው ላይ፣ ሜዳው ላይ ቆመህ ዳገቱን ከፊትህ ብታነሳ ኖሮ የላይኛው መስመር ከአስፋልቱ ያለው ከፍታ ከ1 ሜትር ከ50 ይበልጥ ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም አትገምት። ሚኒባሱ ከሚቆምበት አጠገብ ያለ ሰው ወይም ባጃጅ ፈልግና በእሱ ለካ። ባጃጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፤ ጥሩ ሜትር ነው። መንገዱ መሀል ላይ ዳገትነቱ የሚጨምር ከሆነም እንዲሁ አድርግ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ መስመር አለው።

ሕንፃው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም። መስመሮቹን ወደ አድማሱ ስትስብ ሕንፃው ቀጥ አለ። መጀመሪያ የሳብከው ግን ወለሉ ከመንገዱ ጋር ያዘነበለ ቤት ነበር፤ ብርቱካን ብታስቀምጥበት ተንከባሎ ደጅ የሚወጣበት። አሁን ቀጥ ያለው ሕንፃ ያዘነበለ መሬት ላይ መቆም አለበት። ሁለቱ የሚገናኙት መሠረቱ ላይ ነው።

የታችኛው ማዕዘን ካንተ 20 ሜትር ይርቃል፣ ሕንፃው በመንገዱ በኩል 12 ሜትር ይረዝማል እንበል። በ12 ሜትር ውስጥ መንገዱ ወደ 1 ሜትር ይወጣል። ወለሉ ግን አይወጣም። በላይኛው ጫፍ ወለሉ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በታችኛው ጫፍ 1 ሜትር ከ25 ያህል የድንጋይ መሠረት ይታያል። ጅማ ውስጥ ዳገት ላይ የተሠሩ ቤቶችን ሄደህ እይ። በአንዱ ጫፍ ከደጃፉ በቀጥታ ትገባለህ፣ በሌላው ጫፍ ሰባት ስምንት ደረጃ ትወጣለህ። በመሀል የድንጋይ ግንቡ እየሾለ የሚሄድ ቅርጽ ይሠራል። ይህ ሾጣጣ ግንብ ነው ሕንፃውን ከመሬቱ ጋር የሚያስታርቀው። ካልሠራኸው መስመሮችህ ሁሉ ትክክል ሆነውም ሕንፃው ወይ አንድ ጫፉ የተቀበረ ወይ አንድ ጫፉ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ቁመቱንም በዚያው ዘዴ ታገኘዋለህ። በ20 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር 150 ፒክስል ነው። የታችኛው ማዕዘን መሬቱን የሚነካው 1485 ላይ ነው፣ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ። 1 ሜትር ከ25 መሠረት፣ በላዩ ላይ 7 ሜትር ያህል ሕንፃ ስትጨምር ማዕዘኑ ወደ 1240 ፒክስል ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። የሕንፃው እግር እንኳ ከዓይንህ በላይ ነው። ስለዚህ አግድም መስመሮቹ ሁሉ፣ የወለሉ ጭምር፣ እየራቁ ሲሄዱ ወደ ታች ይወርዳሉ። ወደ ላይ የሚወጣው የመንገዱ ጠርዝ ብቻ ነው። የአንደኛ ፎቅ ሰገነት ወለል ከላይ ከታየ ወይም የመስኮት ደፍ የላይኛው ገጽ ከታየ ስህተት አለ፤ የሕንፃው ምንጭ ፎቶ ከሌላ ከፍታ የተነሳ ነው።

ይህ ወደ ምንጭ ፎቶው ያመጣናል። ሚኒባሱን ከየት እንዳመጣኸው አልነገርከኝም። ብዙውን ጊዜ ሰው ቅርብ ቆሞ ያነሳውን መኪና ቆርጦ ያሳንሰዋል። ማሳነስ ግን ማራቅ አይደለም። የመኪናው ቅርጽ የሚወሰነው ካሜራው ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ነው። ጎማዎቹን ለካቸው። የተራ ሚኒባስ የፊትና የኋላ ጎማዎች 2 ሜትር ከ57 ያህል ይራራቃሉ። ቅርቡ ጎማ ካንተ 4 ሜትር ላይ ሆኖ ከተነሳ ከሩቁ 1.6 እጥፍ ይበልጣል። አንተ ልታቆመው ባሰብከው 11 ሜትር ላይ ግን 1.2 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው መብለጥ ያለበት። ልዩነቱ ለዓይን ይጎላል። ቅርቡ ጎማ ተነፍቶ፣ አፍንጫው ሾሎ ከታየ መኪናው የዚያ መንገድ አይደለም።

ይህንን በፎቶሾፕ `Perspective Warp` ወይም በመጎተት ማዳን ይቻላል? ትንሽ ልዩነት ከሆነ አዎ። ከፍታው ወይም ርቀቱ በሰፊው ከተለየ ግን አይቻልም። ከላይ የተነሳ መኪና ጣሪያው ይታያል። ካንተ ቁመት ሲታይ 2 ሜትር ላይ ያለ የሚኒባስ ጣሪያ አይታይም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። መጎተት ጣሪያውን ያጠበዋል እንጂ አያጠፋውም። ፎቶው ያላየውን ጎንም አያመጣም።

ሌላም ፈተና አለ፣ መገልበጥ። አቅጣጫው አልስማማ ሲል ሰው ምስሉን ግራ ቀኝ ይገለብጠዋል። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፤ የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ወደ እግረኛ መንገዱ፣ በቀኝ ነው። ከተገለበጠ በሩ ወደ መንገዱ መሀል ይዞራል። ታርጋውን ማደብዘዝ ይቻላል፣ በሩን ግን ሁሉም ያየዋል።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። የቆረጥከውን ሚኒባስ ተወው፣ አዲስ አንሳ። ያንኑ ስልክ ያዝ። ሳታጎላ፣ በዓይን ከፍታ፣ 11 ሜትር ገደማ ርቀህ፣ ዳገት ላይ ወደ ላይ ዞሮ የቆመ ሚኒባስ ከኋላና ከግራ ጎኑ በኩል አንሳ። ሹፌሩን አስፈቅድ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ሚኒባሱ ፍሬሙ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታም በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከሚቆምበት ጋር ይቀራረብ፤ መሀል ላይ ያነሳኸውን ጠርዝ ላይ ብትለጥፈው የሚታየው የጎኑ መጠን አይስማማም። እንዲህ ያነሳኸው ምስል መለጠጥ አይፈልግም። የጎኑን መስመሮች፣ የመስኮቱንና የጎማዎቹን፣ አስረዝመህ የላይኛው ነጥብ ላይ ወይም በጣም ቅርብ ከተገናኙ ጨርሰሃል። ሚኒባሱ ጠርዝ ይዞ ጠመም ብሎ የቆመ ከሆነ ነጥቡ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ያ ችግር የለውም፤ ብቻ ከላይኛው መስመር ብዙ አይራቅ።

ሕንፃውን በተመለከተ፣ የፊት ገጽታው ሥዕል ብቻ ካለህ በፎቶሾፕ `Filter > Vanishing Point` ውስጥ መሥራት ትችላለህ። እዚያም አንድ ወጥመድ አለ። መጀመሪያ አስፋልቱ ላይ መደብ ሠርተህ ከእሱ ግድግዳውን ቀጥ አድርገህ አታውጣ። ፕሮግራሙ ግድግዳውን ለአስፋልቱ ቀጤ ነክ ያደርገዋል፤ ያዘነበለ ግድግዳ ይሰጥሃል። መደቡን ካለ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስኮቶቹ መስመር ጀምር። ፍርግርጉ ሰማያዊ ከሆነ ቀጥል። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየህ ማዕዘኖቹን አስተካክል። የሕንፃው 3D ሞዴል ካለህ ደግሞ ነፃውን `fSpy` ተጠቀም፤ ካሜራውን ከፎቶው አውጥቶ ለ`Blender` ይሰጥሃል። መስመሮቹን ከሕንፃ እንጂ ከመንገድ አትስጠው፣ ፎቶውንም ቀድመህ አትቁረጠው። ከተቆረጠ መሀሉ ይሳሳታል፣ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይሳሳታል።

ስልኩ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከነበረ የበር መቃኖች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፣ አድማሱም ከመሀል ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ አዲሱ ሕንፃህ ማዕዘኖችም እንደዚያው መጥበብ አለባቸው። ቀጥ አድርገህ ከሠራኸው ከጎረቤቱ ቤት ጋር አይስማማም።

ጥላ የመጨረሻ ሥራ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ ተሸፍኖ ካነሳኸው የሚያስፈልግህ ከጎማዎቹ ሥር ያለች ጥቁር ስስ ጥላ ብቻ ናት። ከመሥራትህ በፊት ግን አራቱ ጎማዎች የሚነኩባቸውን ነጥቦች አስፋልቱ ላይ ምልክት አድርግ። የግራዎቹን ሁለት ነጥቦች በመስመር አገናኝና አስረዝመው። የላይኛው ነጥብ ላይ ካልደረሰ ጥላውን ገና አትጀምር፤ ሚኒባሱን መጀመሪያ አንቀሳቅሰው።